ስልኩ ከማረጋገጫ ኮዱ ጋር ሲጠፋ፦ ወደ አካውንት የሚመልሱ አምስት መንገዶች ሲነጻጸሩ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ሱቅ ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ወረቀትም አትማለሁ። በአንድ የገበያ ቀን ከመሐል ሜዳ የመጣ መምህር ገባ። ስልኩን ከአውቶቡስ ሲወርድ ሰርቀውታል። እንደ ተሰረቀ ሰው ግን አልተደናገጠም፤ እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት መታወቂያውን ይዞ ሄዶ ምትክ ሲም አውጥቷል። «አንድ ርካሽ ስልክ ስጠኝና ጂሜሌን ልክፈት፤ የተማሪዎቹ ውጤት ሁሉ እዚያ ነው» አለኝ። ሰጠሁት። የይለፍ ቃሉን አስገባ፤ ትክክል ነበር። ቀጥሎ የመጣው ገጽ ግን ከማረጋገጫ መተግበሪያው ላይ ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ እንዲያስገባ ጠየቀው። ሲሙን አውጥቶ መልሶ አስገባ። ገጹ ያው ነው።

«መምህር፣ ኮዱ እኮ ሲሙ ውስጥ አልነበረም» አልኩት።

ይህን ዓረፍተ ነገር ለስንት ሰው እንደ ተናገርኩት አላስታውስም። የማረጋገጫ መተግበሪያ ከስልክ ቁጥር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። መጀመሪያ ሲያዘጋጁት በካሜራ ያነበቡት ባለ ነጠብጣብ ካሬ ውስጥ አንድ ረጅም ምስጢራዊ ቁልፍ ነበር። መተግበሪያው ቁልፉን ስልኩ ውስጥ ያስቀምጥና ከስልኩ ሰዓት ጋር አቀናጅቶ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ኮድ ያሰላል። አካውንቱ ያለበት ድርጅትም በበኩሉ ያንኑ ቁልፍ ይዞ ያንኑ ስሌት ይሠራል፤ ሁለቱ ከገጠሙ በሩ ይከፈታል። ለዚህ ነው ጣርማበር ላይ ኔትወርክ በማይደርስበት ቦታ እንኳ ኮዱ መቀያየሩን የማያቆመው። ለዚሁ ነው ሲሙ ሲመለስ ኮዱ አብሮ የማይመለሰው።

ታዲያ መመለሻው ምንድን ነው? መንገዱ አንድ አይደለም። ሰዎችን ሲያስቸግር የማየው የመንገድ እጥረት ሳይሆን በየትኛው መጀመር እንዳለባቸው አለማወቃቸው ነው። በተሳሳተው ጀምረው ትክክለኛውን የሚዘጉም አሉ። ከዚህ በታች አምስቱን አነጻጽራለሁ፤ ምሳሌዬ በአብዛኛው የጉግል አካውንት ነው፤ የሌሎቹ አካውንቶች ይለፍ ቃል ማደሻ መልእክት የሚመጣው እዚያው ኢሜይል ላይ ስለሆነ እሱ ከተመለሰ የቀረው ይቀላል።

በምን እንመዝናቸው?

አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው አሁን በእጅዎ ምን መኖር አለበት የሚለው ነው፤ የሌለዎት ነገር የሚጠይቅ መንገድ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ለእርስዎ መንገድ አይደለም። ሁለተኛው የሚወስደው ጊዜ ነው፤ ደቂቃ ነው፣ ቀን ነው ወይስ ወር? ሦስተኛው የትኞቹን አካውንቶች ይከፍታል የሚለው ሲሆን ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። አራተኛው ደግሞ ያው መንገድ ለሌባውም ይከፈት እንደሆነ ነው። ወጪውን ከሰንጠረዡ ጋር እንጂ ከመመዘኛዎቹ ጋር አላስገባሁትም፤ ከምትክ ሲምና ከመሳፈሪያ በቀር የትኛውም መንገድ ገንዘብ አይጠይቅም። ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎት ስለ እሱ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ከንጽጽሩ በፊት ሁለት ነገር አስቀድሙ። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ ከሰው ስልክ 994 ደውለው ሲሙን ያሳግዱ፤ ሌባው ሲሙን ነቅሎ ሌላ ስልክ ውስጥ ከከተተው በአጭር መልእክት የሚመጡ ኮዶች ሁሉ ለእሱ ይደርሱታል። ሁለተኛው ስልኩን ከርቀት ስለ መደምሰስ ነው። ስልኩ የስክሪን መቆለፊያ ካለው ለመደምሰስ አትቸኩሉ፤ ቆልፉት። ወድቆ የተገኘ ስልክ ማታ ላይ ሲመለስ አይቻለሁ። ከተመለሰ ኮዶቹ በውስጡ አሉ፤ ከተደመሰሰ ግን ባዶ ዕቃ ነው የሚመለሰው። መቆለፊያ ያልነበረው ከሆነ ክርክሩ ይቀራል፤ ይደምሰስ።

አንደኛ፦ ከዚህ በፊት የገቡበትና ያልወጡበት መሣሪያ

ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚረሳውም ይኸው ነው። በትምህርት ቤቱ፣ በቢሮው ወይም በቤት ኮምፒውተር ላይ ጂሜይልዎ ተከፍቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ወይም በአንድ ወቅት ኮድ አስገብተው ሲገቡ `Don't ask again on this device` የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት እንዳለ ትተውት ይሆናል። ያኔ ጉግል በብሮውዘሩ ውስጥ ትንሽ መለያ አስቀምጧል፤ ያ ብሮውዘር ተመልሶ ሲመጣ የይለፍ ቃል ብቻ ይጠይቃል እንጂ ኮድ አይጠይቅም።

ኮምፒውተር ብቻ አይደለም። ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ካለና ከአካውንቱ ካልወጣ ቻርጅ ያድርጉት፤ ከዋይፋይ ጋር ያገናኙት። በአዲሱ ስልክ ሲገቡ አሮጌው ስክሪን ላይ «እርስዎ ነዎት?» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል፤ አዎ ብሎ መንካት ነው። ለባለቤቴ እህት የሆነው ይህ ነው፤ ልጆቹ ጨዋታ የሚጫወቱበት ስልክ አዳናት።

መሣሪያውን ካገኙ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ከአካውንቱ አይውጡ። የብሮውዘሩን ታሪክ አያጽዱ። ኮምፒውተሩ ዘገምተኛ ነው ብሎ «አጽዳልኝ» ማለትም የዚያን ቀን አይሆንም። መጀመሪያ `myaccount.google.com` ይክፈቱ፤ ከ `Security` ሥር `2-Step Verification` የሚለውን ይንኩ፤ የይለፍ ቃል ይጠይቅዎታል። ከዚያ `Backup codes` ውስጥ ገብተው አሥር መጠባበቂያ ኮዶች ያውጡና በወረቀት ይጻፏቸው። ከዚህ በኋላ ነው `Authenticator` የሚለውን ከፍተው አዲሱን ስልክ በአሮጌው ቦታ የሚተኩት። የጠፋውን ስልክ ከመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ማስወጣትና የይለፍ ቃል መቀየር የመጨረሻው ሥራ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል፤ ከድንጋጤው የተነሣ አስቀድሞ «ከሁሉም መሣሪያ አስወጣ» የሚለውን ይጫንና የቆመበትን ቅርንጫፍ ይቆርጣል።

ገደብ አለው። ጉግል ጥርጣሬ ካደረበት በዚሁ ኮምፒውተር ላይም ተጨማሪ ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይችላል። የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተሮች ደግሞ ብዙዎቹ ጠፍተው በተነሡ ቁጥር ሁሉንም ይረሳሉ፤ እነሱ ላይ ተስፋ አይጣል። በጋራ ኮምፒውተር ተከፍቶ የቀረ አካውንት ለእርስዎ እንደ ተከፈተ ሁሉ ቀጥሎ ለሚቀመጠውም የተከፈተ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለተኛ፦ መጠባበቂያ ኮዶች

ከይለፍ ቃል ቀጥሎ ኮድ የሚያስጠይቀውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሲያበሩ አብዛኞቹ ድርጅቶች የተወሰኑ ኮዶች ይሰጣሉ፤ ማንም አያነባቸውም። የጉግል አሥር ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ስምንት አሃዝ አላቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራሉ። ኮድ በሚጠይቀው ገጽ ላይ `Try another way` የሚለውን ነክተው ስምንት አሃዙን ኮድ ለማስገባት ይመርጣሉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«እኔ የለኝም» ከማለትዎ በፊት ይፈልጉ። በኮምፒውተር አውርደዋቸው ከሆነ በማውረጃው ማኅደር ውስጥ ስሙ በ `Backup-codes` የሚጀምር ፋይል ይኖራል፤ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት የጊትሀብ ከሆነ `github-recovery-codes.txt` ይባላል። አትመዋቸው ከሆነ ከደመወዝ ወረቀትና ከልጅ የክትባት ካርድ ጋር ታጥፈው ይገኛሉ፤ በእኔ ልምድ እዚያ ነው የሚገኙት። ብዙ የአገራችን ሰው ደግሞ ፎቶ አንሥቶ ወደ ቴሌግራም `Saved Messages` ይልካቸዋል። ለደኅንነት ጥሩ ቦታ አይደለም፤ ቴሌግራሙን የከፈተ ሁሉ ያገኛቸዋልና። ግን እዚያ ካሉ አሉ ነው፤ ቴሌግራም በሲም ስለሚመለስ ኮዶቹም አብረውት ይመለሳሉ። ከሸዋ ሮቢት የመጣች አንዲት የማሾ ነጋዴ ከሲም ወደ ቴሌግራም፣ ከቴሌግራም ወደ ጂሜይል በዚህ መሰላል ወጥታ ስታበቃ ቡናዋን እንኳ አልጨረሰችም ነበር።

ሁለት ወጥመድ አለ። አዲስ ኮዶች ባወጡ ቁጥር የድሮዎቹ ይሻራሉ፤ ሁለት ወረቀት ካለዎት ዋጋ ያለው የኋለኛው ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ የአንዱ ድርጅት ኮድ ሌላውን አይከፍትም። ይህ በተለይ ፕሮግራም ለሚጽፉ ተማሪዎች ከባድ ነው፤ ጊትሀብ ኮዶቹን ጨምሮ ሁሉም መመለሻ ከጠፋበት ሰው አካውንቱን እንደማይመልስ በግልጽ ያስታውቃል። እዚያ ልመና አይሠራም።

ሦስተኛ፦ ምትክ ሲም

መምህሩ የጀመረው በዚህ ነው፤ ሁሉም የሚጀምረው በዚህ ነው። ስሕተት አይደለም፤ ግን የሚከፍተውንና የማይከፍተውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሚከፍተው ከስልክ ቁጥር ጋር የታሰረውን ነው። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ እንዲሁም ቁጥርዎ እንደ ሁለተኛ ማረጋገጫ የተመዘገበበት ፌስቡክና ጉግል። ጉግል ላይ ቁጥርዎ ተመዝግቦ ከሆነ `Try another way` ሲነኩ ኮድ በአጭር መልእክት ለመቀበል የሚል ምርጫ ይመጣል። መምህሩ ጋ ግን አልመጣም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው የሥራ ባልደረባው «አጭር መልእክት አስተማማኝ አይደለም፣ አስወጣው» ብሎት ቁጥሩን ከዓመት በፊት እንደ ሰረዘ ነገረኝ። ባልደረባው አልተሳሳተም። ነገር ግን አንዱን በር ሲዘጉ ሌላ መክፈት ነበረባቸው፤ መጠባበቂያ ኮድ አላወጡም።

ቴሌግራም ሲመለስ ሁለት ነገር ግራ ያጋባል። የመግቢያ ኮዱ መጀመሪያ የሚላከው በሌላ መሣሪያ ላይ ወደ ተከፈተው ቴሌግራም ነው፤ ማለትም ወደ ጠፋው ስልክ። አትበሳጩ፤ ትንሽ ቆይቶ በአጭር መልእክት የመቀበል ምርጫ ይመጣል። ከገቡ በኋላም የጠፋውን ስልክ ወዲያው ለማስወጣት ቢሞክሩ እንቢ ይልዎታል፤ አዲስ የገባ መሣሪያ ነባሮቹን ለማስወጣት አንድ ቀን ያህል መጠበቅ አለበት። ሌባ ገብቶ ባለቤቱን እንዳያስወጣ የተሠራ ጥበቃ ነው፤ ዛሬ ባለቤቱን ቢያስጠብቅም። ተጨማሪ የይለፍ ቃል አድርገውበት ከነበረም እሱን ማስታወስ ግድ ነው።

ሲሙ በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ከሆነ ነገሩ ይረዝማል። በወንድም፣ በአጎት፣ በቀድሞ አሠሪ ስም የወጣ ሲም በገጠር ብዙ ነው። ያ ሰው ራሱ መታወቂያውን ይዞ መምጣት አለበት። አዲስ አበባ የሚኖር ከሆነ አስቡት። ዛሬ ስልክዎ ኪስዎ ውስጥ እያለ ይህን የሚያነቡ ከሆነ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ቢያደርጉ ሲሙን በስምዎ ማዞር ይሁን።

አራተኛ፦ በመተግበሪያው የተቀመጠ ቅጂ

የጉግል ማረጋገጫ መተግበሪያ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቁልፎቹን ከጉግል አካውንት ጋር ማመሳሰል ይችላል። ይህን አብርተው ከነበረ አዲስ ስልክ ላይ መተግበሪያውን ጭነው በዚያው አካውንት ሲገቡ የፌስቡኩም የሌላውም ኮድ ተሰልፎ ይመጣል። ከዚያ በፊት ጭነው ያልነኩት ሰዎች ግን ቁልፎቻቸው በጠፋው ስልክ ውስጥ ብቻ ናቸው። ከስልክ ወደ ስልክ ማስተላለፊያውም አሮጌውን ስልክ በእጅ መያዝ ይጠይቃል፤ ለጠፋበት ሰው አይረዳም።

የዚህ መንገድ ችግር ክብ መሆኑ ነው። ቅጂው ያለው ጉግል ውስጥ ነው፤ ጉግልን ለመክፈት ኮድ ያስፈልጋል፤ ኮዱ ያለው ቅጂው ውስጥ ነው። የሳጥኑን ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ ትቶ እንደ መዝጋት ነው። ስለዚህ ይህ ብቻውን ወደ ጉግል አያስገባም፤ በሌላ መንገድ ጉግል ከተከፈተ በኋላ ግን የቀሩትን አካውንቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመልሳል። ከአንደኛው ወይም ከሁለተኛው መንገድ ጋር ሲጣመር ነው ዋጋው የሚታየው። ቅጂውን በይለፍ ቃል ቆልፈው በፋይል የሚያስቀምጡ ሌሎች መተግበሪያዎችም አሉ፤ ክቡ የለባቸውም። ነገር ግን ፋይሉ ከስልኩ ውጭ መቀመጥ አለበት፤ ይለፍ ቃሉ ከተረሳም ማንም አይፈታውም።

አምስተኛ፦ የማስመለሻ ቅጽ

ሌላው ሁሉ ሲያልቅ `g.co/recover` ላይ ገብቶ ጉግልን ራሱን መጠየቅ ነው። እዚያ የሚመልስዎት ሰው አይደለም፤ ሥርዓቱ መልሶችዎን ይመዝናል። የሚያስታውሱትን የመጨረሻ ይለፍ ቃል፣ የመጠባበቂያ ኢሜይልዎን፣ ሌሎች ጥያቄዎችን ያቀርባል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ባለበት አካውንት ከ3 እስከ 5 የሥራ ቀናት ሊያስጠብቅ ይችላል።

እዚህ ላይ የማየው ትልቁ ስሕተት ጉዞ ነው። ሰው መንዝ ወይም አለም ከተማ ሆኖ አካውንቱ ሲዘጋበት አዋቂ ፍለጋ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አዲስ አበባ ይሄዳል። ጉግል የሚመክረው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ሁልጊዜ በሚጠቀሙበት መሣሪያ፣ በዚያው ብሮውዘር፣ በተለመደው ቦታ ሆነው እንዲሞክሩ ነው። የእኔ ሱቅ ኮምፒውተር ለመምህሩ አካውንት እንግዳ ነው። በእንግዳ ኮምፒውተር ደጋግሞ መሞከር ደግሞ ለጥቂት ሰዓታት መቆለፍን ያመጣል። ስለዚህ ቅጹን ቤትዎ ሆነው፣ ረጋ ብለው፣ ያውም በአንድ ሙከራ የሚያውቁትን ሁሉ ሞልተው ይላኩት።

ድርጅቶቹ በትዕግሥት ይለያያሉ። ማይክሮሶፍት ላይ ሁሉም የደኅንነት መረጃ ጠፍቶ በአዲስ ይተካ ከተባለ 30 ቀን መጠበቅ ግድ ነው፤ ማፋጠኛ የለውም። በአንጻሩ ኢሜይሉ መሥሪያ ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ የሰጠዎት ከሆነ ይህን ሁሉ ይተዉት፤ የኢሜይሉ አስተዳዳሪ የሆነው ባለሙያ መጠባበቂያ ኮድ በደቂቃ ሊያወጣልዎት ይችላል።

በቴሌግራም «የተቆለፈ አካውንት እንከፍታለን» እያሉ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቁትን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ከላይ ካሉት አምስት ውጭ ስድስተኛ በር የላቸውም። የሚያደርጉት አንድም ይህንኑ ቅጽ መሙላት ነው፣ አንድም ኮድ እንዲልኩላቸው ጠይቀው አካውንቱን ለራሳቸው መውሰድ ነው።

በአንድ ዕይታ

| መንገድ | በእጅ የሚያስፈልገው | ጊዜ | የሚከፍተው | ወጪ | ለሌባስ? |
|---|---|---|---|---|---|
| ያልወጡበት መሣሪያ | ኮምፒውተር ወይም አሮጌ ስልክ፣ ይለፍ ቃል | ደቂቃዎች | በዚያ መሣሪያ የተከፈተውን አካውንት | የለውም | መሣሪያው የጋራ ከሆነ ያሰጋል |
| መጠባበቂያ ኮድ | ወረቀት ወይም ፋይል፣ ይለፍ ቃል | ደቂቃዎች | ኮዱን የሰጠውን ድርጅት ብቻ | የለውም | ወረቀቱንና ይለፍ ቃሉን ካገኘ |
| ምትክ ሲም | መታወቂያ፣ በራስ ስም የወጣ ሲም | ከሰዓታት እስከ ቀን | ከስልክ ቁጥር ጋር የታሰረውን ብቻ | አነስተኛ | ሲሙ ካልታገደ አዎ |
| የመተግበሪያው ቅጂ | አስቀድሞ የበራ ማመሳሰል፣ የተከፈተ ጉግል | ደቂቃዎች | ከጉግል በቀር የቀሩትን | የለውም | ጉግሉን ከከፈተ አዎ |
| የማስመለሻ ቅጽ | የተለመደ መሣሪያ፣ የመጠባበቂያ ኢሜይል፣ ትዕግሥት | ከቀናት እስከ ወር | ድርጅቱ ካመነ ያንን አካውንት | የለውም | አስቸጋሪ ነው |

ለማን የትኛው?

ኮምፒውተር የሚጠቀም ሰው ከአንደኛው ይጀምር፤ ምትክ ሲሙ ይቆየው። መጀመሪያ ማገድ እንጂ መተካት አጣዳፊ አይደለም።

ያለው አንድ ስልክ ብቻ የነበረ ሰው፣ በወረዳዎቻችን አብዛኛው እንዲህ ነው፣ ከሲም ይጀምር፤ ቴሌግራሙን ይመልስ፤ በተቀመጡት መልእክቶች ውስጥ ኮድ ይፈልግ። ካጣ ወደ ቅጹ ከመሄዱ በፊት ቤተሰቡን ይጠይቅ፤ ከባለቤቱ ወይም ከልጁ ስልክ ላይ አካውንቱን አንድ ቀን ከፍቶ ረስቶት ሊሆን ይችላል።

የንግድ ገጽ በፌስቡክ የሚያስተዳድር ሰው ለገጹ ሁለተኛ አስተዳዳሪ ካለው የግል አካውንቱ እስኪመለስ ሥራው አይቆምም። ብቻውን ካስተዳደረ ግን ሁለት ችግር አለበት፤ ገጹም አካውንቱም አብረው ተዘግተዋል።

ስልኩ ገና ያልጠፋበት ሰው ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም። አሥሩን ኮድ በወረቀት ያውጣ፤ ወረቀቱን ከስልኩ ጋር በአንድ ቦርሳ አይያዝ። ከዚያ የተሻለው ደግሞ ባለ ነጠብጣቡ ካሬ ስክሪን ላይ እያለ በሁለት ስልክ ማንበብ ነው። የባልና የሚስት ስልክ ያንኑ ካሬ ካነበበ ሁለቱም ያንኑ ኮድ ያሳያሉ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ። ይህ የሚቻለው ካሬው በታየበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ገጹ ከተዘጋ እንደገና ማዘጋጀት ይጠይቃል።

መምህሩ

እኔ ጋ በአጠቃላይ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ አራተኛውን ከለከልኩት። ቴሌግራሙን አስመለስን፤ በተቀመጡት መልእክቶች ውስጥ የትምህርት ዕቅድና የሠርግ ፎቶ እንጂ ኮድ አልነበረም። የመተግበሪያው ማመሳሰልም አልበራም ነበር። «ጂሜልህን ሌላ የት ከፍተህ ታውቃለህ?» ብዬ ስጠይቀው በመምህራን ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ውጤት የሚያስገባው በዚሁ አካውንት መሆኑን አስታወሰ። «እንግዲያው ሂድና ማንም እንዳይነካው ንገር» አልኩት። ቅዳሜውን በስልክ ለጥበቃው ነገረ፤ እሑድ በሞላሌ አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ ተመለሰ፤ ሰኞ ጠዋት ጂሜይሉ እንደ ተከፈተ አገኘው። የይለፍ ቃል ብቻ ጠየቀው። አሥሩን ኮድ በደብተር ገለበጠ፤ ከእኔ የገዛውን ስልክ በአሮጌው ቦታ ተካ፤ የጠፋውን አስወጣ።

ማግስቱን ግን ደወለልኝ። አዲሱ ስልክ የሚሰጠውን ኮድ ጉግል አልቀበልም አለ፤ አንዴ አይደለም፣ በተደጋጋሚ። በመሐሉ በአንደኛው መጠባበቂያ ኮድ ገብቷል፤ ዘጠኝ ቀርተውታል።

«ሰዓቱን ነክተኸዋል?» አልኩት።

ነክቶታል። በእኛ አቆጣጠር እንዲያሳየው ብሎ ሰኞ ምሽት ሰዓቱን በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶታል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሦስት ይላል። መተግበሪያው ኮዱን የሚያሰላው በስልኩ ሰዓት ስለሆነ የሚያወጣው ከስድስት ሰዓት በፊት ያለፈበትን ኮድ ነው። ምልክቱ ይኸው ነው፤ ኮዱ አልፎ አልፎ ሳይሆን ሁልጊዜ ካልሠራ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ ነው። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስገቡ ሰዎች ደግሞ ከኮዱም ሌላ ድረ ገጾቹ ራሳቸው አይከፈቱላቸውም።

በስልክ መራሁት። በቅንብሩ ውስጥ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል መለሰው፤ ከዚያ የሰዓት ክልሉን ብቻ በእጅ ቀየረው። እኛ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት እንቀድማለን፤ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረውን ክልል ሲመርጥ ስልኩ ልክ በእኛ አቆጣጠር ያሳያል፤ የውስጡ ሰዓት ግን ትክክለኛ ሆኖ ይቆያል። ዝርዝሩ ላይ ሳኦ ፓውሎን አገኘ። «ብራዚል አስገባኸኝ» እያለ ኮዱን ጻፈ፤ ገባ።